ስቴትመንታችሁ ላይ የጻፋችሁትን ቃለ መጠይቅ ላይ ሳይዛነፍ መናገር፦ ደረጃ በደረጃ

ለስኮላርሺፕ ቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከኢንተርኔት ላይ የጥያቄ ዝርዝር በመሰብሰብ ነው። እኔ የምመክረው ሌላ መነሻ ነው፤ እሱም ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሳችሁ የጻፋችሁት ፐርሰናል ስቴትመንት። ጠያቂዎቹ ማመልከቻውን አንብበው፣ እዚህም እዚያም አስምረውበት ይገባሉ። ብዙዎቹ ጥያቄዎች የሚወጡትም ካሰመሩበት ቦታ ነው። ወረቀቱ አንድ ነገር እያለ አፋችሁ ሌላ ካለ፣ ውሸት ባይሆንም እንኳ ጥርጣሬ ይፈጥራል።

እንዲህ ያለው አለመጣጣም ከክፋት የሚመጣ አይደለም። ስቴትመንት የቃላት ገደብ ስላለው የሁለት ዓመት ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታጨቃል። ሲታጨቅ ማን ምን እንደሠራ፣ ቁጥሩ ከምን እንደመጣ፣ ምን እንዳልተሳካ ይቀራል። ጠያቂው የሚፈልገው ግን ያንኑ የቀረውን ነው። ስለዚህ ዋናው ዝግጅት የታጨቀውን መልሶ መፍታት ነው።

1. የላካችሁትን ቅጂ ያዙ

ኮምፒውተራችሁ ላይ የተለያዩ ረቂቆች ይኖራሉ። ጠያቂዎቹ እጅ ያለው ግን በመጨረሻ ያስገባችሁት ብቻ ነው። ያንን ከማመልከቻ ገጹ ላይ አውርዳችሁ አትሙት። የቀድሞ ረቂቅ ይዞ የሚዘጋጅ ሰው በኋላ የሰረዘውን ታሪክ ጠያቂዎቹ የሚያውቁት መስሎት ሲጠቅስ፣ ወይም ያሻሻለውን ቁጥር በአሮጌው ሲናገር ይገኛል።

ከጎኑ ሲቪያችሁንና የሞላችሁትን ፎርም አስቀምጡ። ሦስቱ ላይ ስለ አንድ ሥራ የተጻፈውን ጊዜ አስተያዩ። ስቴትመንቱ «ለሦስት ዓመት» ይላል፤ ፎርሙ ላይ የመግቢያና የመውጫ ወሩ ሲቆጠር 2 ዓመት ከ7 ወር ይሆናል። ይህ ብዙም የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ጽሑፍ ላይ ሰው ያጠጋጋል። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ትክክለኛውን ተናገሩ፦ «ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ»። የሥራ ልምድን በጥብቅ የሚቆጥሩ ስኮላርሺፖች አሉ፤ ለምሳሌ ቼቭኒንግ ቢያንስ 2,800 ሰዓት ይጠይቃል። በእነዚህ ላይ ወራትን ማምታታት ቀላል ነገር አይሆንም።

2. ማስረጃ የሚጠይቀውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አስምሩ

እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡ። «አምናለሁ»፣ «ፍላጎት አለኝ» የሚሉትን እለፏቸው። «መራሁ»፣ «ቀነስኩ»፣ «መሠረትኩ»፣ «አሻሻልኩ» የሚሉ ግሦችና ቁጥር ያለበት ቦታ ሁሉ ይሰመርበት። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቁጥሩ ከየት መጣ? ከዚህ ውስጥ በእጄ የሠራሁት የቱ ነው? ውጤቱ ከእኔ ሥራ ውጭ በሌላ ምክንያት ሊመጣ ይችል ነበር?

እነዚህ ጥያቄዎች ምን ያህል እንደሚቆፍሩ ለማሳየት አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ያመለከተች ነርስ ናት እንበል። ስቴትመንቷ ላይ እንዲህ ብላለች፦

«በምሠራበት ጤና ጣቢያ አዲስ የክትባት ክትትል ሥርዓት በመዘርጋት፣ ክትባት የሚያቋርጡ ሕፃናትን ቁጥር በ40 በመቶ ቀንሻለሁ።»

ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እውነትም ነው። አሁን እንፍታው።

መጀመሪያ ቁጥሩ። መዝገቡ ሲታይ፣ ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት 200 ሕፃናት የመጀመሪያውን ዙር ወስደው 50ዎቹ ሦስተኛውን ሳይወስዱ ቀርተዋል። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 200 ጀምረው ያቋረጡት 30 ናቸው። ከ50 ወደ 30 መውረድ የ40 በመቶ ቅናሽ ነው። ነገር ግን የጤና ባለሙያዎች የማቋረጥ ምጣኔን የሚያሰሉት ያቋረጡትን ለጀመሩት በማካፈል ነው። በዚያ ስሌት ምጣኔው ከ25 በመቶ ወደ 15 በመቶ ወርዷል፤ የ10 ነጥብ ልዩነት ማለት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። አስቸጋሪው፣ በሥራ ቦታዋ የለመደችው ሁለተኛውን አነጋገር ስለሆነ ስትጠየቅ «ወደ 15 በመቶ አውርደነዋል» ልትል መቻሏ ነው። ወረቀቱ ላይ 40 ያየው ጠያቂ 15 ሲሰማ የሚያስበውን መገመት አያዳግትም።

መፍትሔው ከመቶኛ በፊት ጥሬውን ቁጥር መናገር ነው፦ «ከ200 ሕፃናት 50 ያቋርጡ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ከ200ዎቹ ያቋረጡት 30 ናቸው። 40 በመቶ ያልኩት ይህንን ቅናሽ ነው።» ሰሚው ራሱ ሊያሰላው ይችላል፤ ከወረቀቱም ጋር ይገጥማል።

ቀጥሎ «ሥርዓት በመዘርጋት» የሚለው። ሥርዓቱ ምን ነበር? የቀጠሮ ቀን የሚጻፍበት መዝገብ፤ በየሳምንቱ አርብ ከዚያ የሚወጣ የቀሪዎች ዝርዝር፤ ለወላጆች ስልክ መደወል፤ ስልክ ላልተነሳባቸው ደግሞ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ሠራተኞችን መላክ። መዝገቡን ያዘጋጀችውና ዝርዝሩን የምታወጣው እሷ ናት። የምትደውለው ባልደረባዋ ነበረች። ቤት ለቤት የሄዱት ሌሎች ናቸው። ጽሑፉ ይህን ሁሉ በአንድ «በመዘርጋት» ጠቅልሎታል። ስትናገር ደግሞ በትሕትና «እኛ» ማለት ታበዛለች፤ «መዝገብ ጀመርን፣ ደወልን፣ ሄድን»። ጠያቂው «እርስዎ በግል ምን ሠሩ?» ማለቱ አይቀርም። ወረቀቱ «እኔ»፣ አንደበቷ «እኛ» ስለሚል ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ግሦቹን ለየባለቤታቸው ማከፋፈል ነው፦ «መዝገቡንና የአርብ ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የምትደውለው ባልደረባዬ ነበረች፤ ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ሠራተኞቹ ናቸው።» ሌሎቹን መጥቀስ የእሷን ድርሻ አያሳንስም፤ እንዲያውም የት ላይ እንደሚጀምርና እንደሚያበቃ በግልጽ ያሳያል።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። በቀደመው ዓመት ክትባቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ከመጋዘን አልቆ ነበር። ስለዚህ ካቋረጡት 50 ሕፃናት ከፊሎቹ መጥተው ክትባት አጥተው የተመለሱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቅናሹ በሙሉ የመዝገቡ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ይህን ጠያቂው ካነሳው በኋላ ማመን እና እሷ አስቀድማ ማንሳቷ በጣም ይለያያሉ። ስቴትመንቱ ላይ ቦታ አልነበረውም፤ በቃል መልስ ላይ ግን ሃያ ሰከንድ ይበቃዋል። በእኔ ግምት በመልሱ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው፤ ለምን ተጨማሪ ትምህርት እንደሚያስፈልጋት የሚያሳየውም እሱ ነውና።

ሁሉም የተሰመረበት ቦታ ይህን ያህል አይቆፈርም። አራት ወይም አምስት ዋና ዋና ታሪኮች ላይ ጊዜያችሁን አጥፉ፤ ሌላው በአንድ መስመር ማስታወሻ ይለፍ።

3. ለእያንዳንዱ ታሪክ አንድ ካርድ አዘጋጁ

ካርዱ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ትሸመድዱታላችሁ፤ የተሸመደደ መልስ ደግሞ ጠያቂው መሃል ላይ ሲያቋርጣችሁ ይበተናል። የነርሷ ካርድ ይህን ይመስላል፦

- ከ200፦ 50 ወደ 30
- መዝገብ፣ የአርብ ዝርዝር፦ እኔ
- ስልክ፦ ባልደረባ፤ ቤት ለቤት፦ ጤና ሠራተኞች
- ክትባት ያለቀባቸው ሳምንታት
- መዝገቡ ማን እንደቀረ ይነግረኛል፣ ለምን እንደቀረ አይነግረኝም

የመጨረሻው መስመር ታሪኩን ከምትማረው ትምህርት ጋር የሚያያይዝ ነው። እያንዳንዱ ካርድ እንዲህ ያለ አንድ መስመር ይኑረው።

አሁን ካርዱን እያያችሁ ተናገሩ። መልሱ እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦

«ጤና ጣቢያችን ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ከሚወስዱ 200 ሕፃናት 50 ያህሉ ሦስተኛውን አይወስዱም ነበር። ማን እንደቀረ የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። ስለዚህ በቀጠሮ ቀን የተደራጀ መዝገብ አዘጋጀሁ፤ በየአርቡ የቀሩትን ስም ዝርዝር አወጣለሁ። አንዲት ባልደረባዬ ትደውላለች፤ ስልክ የማይነሳባቸውን ደግሞ የጤና ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ ሄደው ያዩአቸዋል። በቀጣዩ ዓመት ያቋረጡት 30 ሆኑ። ሁሉም በመዝገቡ ምክንያት ነው አልልም፤ በፊተኛው ዓመት ክትባት ያለቀባቸው ሳምንታት ነበሩ። ምን ያህሉ በየትኛው ምክንያት እንደተለወጠ ለመለየት ግን የሚያስችል ዕውቀት የለኝም። ኤፒዲሚዮሎጂ ልማር የፈለግሁትም ለዚህ ነው።»

ረጋ ብሎ ሲነገር አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ይኸው ካርድ «ስለ አመራር ልምድዎ ይንገሩን» ሲባል ሥራ እንዴት እንደተከፋፈለ ከሚለው ይጀምራል፤ «ይህን ትምህርት ለምን መረጡ?» ሲባል ከመጨረሻው መስመር ይነሳል፤ «ያልተሳካ ነገር ይንገሩን» ሲባል ክትባቱ ካለቀበት ጊዜ ይጀምራል። የመግቢያው በር ይለያይ እንጂ ቁጥሮቹና የሰዎቹ ድርሻ አይለወጡም።

ርዝመትንም ተለማመዱ። በእንግሊዝኛ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው በደቂቃ ከ120 እስከ 150 ቃል ያህል ይናገራል። 500 ቃል ያለው ጽሑፍ ሙሉውን ቢነበብ አራት ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል ማለት ነው፤ ለአንድ መልስ ደግሞ ከሁለት ደቂቃ በላይ መውሰድ አይመከርም። ስለዚህ ጽሑፉን እንዳለ በአንድ መልስ ማስገባት አይቻልም። አንዱን ታሪክ በሠላሳ ሰከንድም በሁለት ደቂቃም መንገር መቻል አለባችሁ። የሠላሳ ሰከንዱ ላይ ቁጥሩና የእናንተ ድርሻ መቅረት የለባቸውም።

ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ከሆነ ታሪኩን መጀመሪያ በሚቀናችሁ ቋንቋ ፍቱት፤ ልምምዱ ግን ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ይሁን። በተለይ ዓመተ ምህረትና መቶኛ በሁለተኛ ቋንቋ ሲነገሩ በቀላሉ ይሳሳታሉ፤ በተለያየ አቆጣጠር የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ይብስ። ካርዱ ላይ ዓመቱን ስቴትመንቱ በተጻፈበት አቆጣጠር ብቻ ጻፉት፤ እዚያው ተቀምጦ መቀየር ለስህተት በር ይከፍታል። ጽሑፉ ላይ ያሉ፣ በንግግር ግን ፈጽሞ የማትጠቀሙባቸውን ከባድ ቃላትም ፈልጉና በቀላል ተኩ። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ተብሎ መጠየቅም አለ።

4. የመነሻ ምክንያታችሁ አንድ ይሁን

ከቁጥር ይልቅ ሰው የሚቃረነው «ለምን ወደዚህ ሙያ ገቡ?» የሚለው ላይ ነው። ስቴትመንቱ የሚጀምረው በዘመድ ሕመም ነው፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ «አንድ መምህሬ ናቸው ያነሳሱኝ» ይባላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰው በአንድ ምክንያት ብቻ ሙያ አይመርጥም። ሰሚው ግን አንዱ ለጽሑፍ ማሳመሪያ የገባ ነው ብሎ ይጠረጥራል።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ምክንያት ሁልጊዜ አስቀድሙ፤ ሌላውን ከፈለጋችሁ እንደ ተከታይ አምጡት፦ «መጀመሪያ የአክስቴ ሕመም ነው፤ ትምህርት ቤት ስገባ ደግሞ አንድ መምህር መንገዱን አሳዩኝ።» የጻፋችሁትን ታሪክ በሰው ፊት ደጋግማችሁ መናገር የሚከብዳችሁ ከሆነ ደግሞ፣ እስከየት እንደምትናገሩት አስቀድማችሁ ወስኑ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮ ወደ ሥራው መሻገር ነውር አይደለም።

የወደፊት እቅድም እንዲሁ ነው። ስቴትመንቱ «ወደ ጤና ጣቢያዬ ተመልሼ የመረጃ ክፍሉን አደራጃለሁ» ካለ፣ በቃል «ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ» ማለት ግጭት ነው። አንዳንድ ስኮላርሺፖች ወደ አገር መመለስን ግዴታ ያደርጋሉ፤ ቼቭኒንግ ከትምህርቱ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት በአገር መቆየትን ይጠይቃል። ስለዚህ እቅዳችሁን በጊዜ ቅደም ተከተል አስቀምጡት፤ መጀመሪያ የጻፋችሁት፣ ከዚያ በኋላ ረጅሙ ምኞት።

5. ካመለከታችሁ ወዲህ የተለወጠውን ለዩ

በማመልከቻና በቃለ መጠይቅ መካከል ወራት ያልፋሉ። ሥራ ትቀይራላችሁ፣ ፕሮጀክቱ ይቆማል፣ የመረጣችሁት ዩኒቨርሲቲ ይለወጣል። ከተሰመረባቸው ቦታዎች ጎን «አሁንም እንደዚሁ ነው?» ብላችሁ ጻፉ። የተለወጠ ካለ ሦስት ክፍል ያለው አጭር መልስ አዘጋጁ፤ ስጽፍ እንዲህ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆነ፣ እቅዴን የነካው እስከዚህ ድረስ ነው። ነርሷ ከጤና ጣቢያው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውራ ከሆነ «ስጽፍ እዚያ እሠራ ነበር፤ አሁን ተዛውሬያለሁ፤ መዝገቡን ለባልደረባዬ አስረክቤ ነው የወጣሁት» ትላለች። «እሠራለሁ» ብሎ መቀጠል በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ይጋለጣል።

6. ወረቀቱን በያዘ ሰው ፊት ተለማመዱ

ካርዶቻችሁን ያላየ ሰው ፈልጉ። ስቴትመንቱን ስጡትና እሱ ራሱ ያስምርበት፤ የጥያቄ ዝርዝር አትስጡት። ከመልሶቻችሁ መካከል ቢያንስ ሁለቱን መሃል ላይ እንዲያቋርጣችሁ ንገሩት። ከተቋረጠ በኋላ «ከየት ላይ ነበርኩ?» ብላችሁ ከጠፋችሁ ወይም ከመጀመሪያው ለመጀመር ከፈለጋችሁ፣ መልሱን ሸምድዳችሁታል ማለት ነው፤ ያንን ካርድ ቃላቱን ቀንሳችሁ እንደገና ሥሩት። አንዱን ጥያቄ ዘግየት ብሎ በሌላ አነጋገር እንዲደግመውም አድርጉ።

ሁሉንም በስልክ ቅዱትና ስቴትመንቱን ይዛችሁ አዳምጡ። ልዩነት በሰማችሁ ቁጥር ዓይነቱን ለዩ። ጽሑፉ ላይ የሌለ ዝርዝር መጨመር ችግር የለውም፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ቁጥር፣ ዓመት ወይም የሥራ መጠሪያ ከተለየ ካርዱን አርሙ። ምክንያቱ ወይም የሠራው ሰው ከተለየ ግን ካርድ በማረም አይፈታም፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመልሳችሁ እውነቱ የቱ እንደሆነ መወሰን አለባችሁ። ከሁለት የልምምድ ዙር በኋላም ተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚቃረን ሰው ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ላይ ራሱ አጋኖ የጻፈ ነው።

7. ተጋኖ ወይም ተሳስቶ የተጻፈ ነገር ካገኛችሁ

ይህ ያጋጥማል፤ «መሠረትኩ» የተባለው ክበብ ቀድሞ የነበረ ሆኖ ይገኛል። ነገሩ ከባድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ያላገኛችሁት ማዕረግ ወይም ያልሠራችሁበት ቦታ ተጽፎ ከሆነ፣ ቃለ መጠይቁ ከመድረሱ በፊት ለስኮላርሺፑ ቢሮ በጽሑፍ አሳውቁ። የአነጋገር ማጋነን ከሆነ ግን ርዕሱ በተነሳ ጊዜ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አስተካክሉት፦ «መሠረትኩ ብዬ ጽፌአለሁ፤ በትክክል ለመናገር ግን ክበቡ ነበረ፣ ሥራ ካቆመ በኋላ እንደገና ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።» ከዚህ በላይ ማብራሪያና ይቅርታ አያስፈልግም፤ ወዲያው ወደ ሥራው ግቡ።

እዚያው ተቀምጣችሁ ምላሳችሁ ከሳተም እንዲሁ ነው። 50 ለማለት 15 ካላችሁ፣ ያስታወሳችሁት ሌላ ጥያቄ ላይ ቢሆን እንኳ «ቅድም 15 ያልኩት 50 ነው» ብላችሁ አርሙና ወደተጠየቃችሁት ተመለሱ። ጠያቂዎቹ ማስታወሻ እየያዙ ስለሆነ ቁጥሩን እዚያው ያስተካክሉታል።